ወደ ኋላ የሚዞረው መንኮራኩርና ያልነበረው ውዝዋዜ

በማስተርስ ጥናቴ ሁለተኛ ዓመት ለሦስት ሳምንት የሰበሰብሁት የንዝረት መረጃ አንድ ነገር በግልጽ የሚናገር መስሎኝ ነበር። ይኸውም በአንድ የውኃ ማከፋፈያ ጣቢያ ፓምፑና ሞተሩ የተቀመጡበት የአርማታ መሠረት በሰከንድ ሁለት ጊዜ ያህል ይወዛወዛል የሚል ነው። በዚህ ግኝት ላይ ተመሥርቼ መሠረቱ ፈርሶ እንደገና እንዲጣል የሚመክር ደብዳቤ አርቅቄ ነበር። ሥራው ቢጀመር ፓምፑ ለበርካታ ቀናት መቆም ይኖርበታል፤ በእነዚያ ቀናት ደግሞ ውኃ የሚቋረጥባቸው ሰፈሮች ይኖራሉ። ደብዳቤው ሳይላክ የቀረው አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ የእኅቴ ልጅ ስለ አንድ የሰረገላ ጎማ ባነሣችው ጥያቄ ምክንያት ነው።

በዚህ አጭር ጽሑፍ ያ ጥያቄ ምን እንደ ነበረና በመመረቂያ ጽሑፌ ሁለተኛ ምዕራፍ ላይ የናሙናን ቲዎረም አንድም ቃል ሳላዛባ የጠቀስሁት እኔ ቲዎረሙን እንዴት ሳልረዳው እንደ ቆየሁ አስረዳለሁ። ጉዳዩ ኤሊያሲንግ በሚል ስም ይታወቃል። ከሴንሰር መረጃ የሚሰበስብ ተመራማሪ ሁሉ ስሙን ሰምቷል፤ ነገር ግን ስሙን ማወቅና በራስ መረጃ ውስጥ ሲገኝ መለየት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን የተማርሁት ዘግይቼ ነው።

በቅድሚያ አለካኩን ልግለጽ። ፓምፑን የሚያሽከረክረው በ50 ሄርትዝ የኤሌክትሪክ ኃይል የሚሠራ ባለ ሁለት ፖል ኢንደክሽን ሞተር ነው። በእንዲህ ዓይነቱ ሞተር ውስጥ መግነጢሳዊው መስክ በሰከንድ 50 ጊዜ ይዞራል፤ ሻፍቱ ግን መስኩን እየተከተለ ሁልጊዜ ጥቂት ይዘገያል። ጭነት ሲቀልለት በሰከንድ ወደ 48.5፣ ጭነት ሲበዛበት ደግሞ ወደ 48 ዙር ይሆናል። የዘገየበት መጠን ስሊፕ ይባላል። እኔ በሞተሩ የኩሽኔታ ቤት ላይ ዋጋው አነስተኛ የሆነ አክስለሮሜትር አሰርሁ። መሣሪያው የፍጥነትን ለውጥ በሁለት አቅጣጫ፣ ማለትም በአግድምና በቁም ይለካል። አንድ ማይክሮኮንትሮለር በየ20 ሚሊሰከንዱ ንባቡን እየወሰደ በሚሞሪ ካርድ ላይ ያስቀምጣል። ይህም በሰከንድ 50 ናሙና ማለት ነው።

ለምን 50 እንደ መረጥሁ በጽሑፌ ውስጥ በኩራት አብራርቼ ነበር። ጥናቴ የሚመለከተው ከ10 ሄርትዝ በታች የሆኑትን የመሠረቱን ዝግተኛ እንቅስቃሴዎች ነው፤ ቲዎረሙ ደግሞ የናሙናው ፍጥነት ከሚፈለገው ከፍተኛ ድግግሞሽ ሁለት እጥፍ በላይ ይሁን ይላል፤ ስለዚህ ከ20 ጥቂት ያለፈ ናሙና ይበቃ ነበር፤ እኔ 50 ስለ ወሰድሁ ከበቂ በላይ ጥንቃቄ አድርጌአለሁ የሚል ነበር ክርክሬ። በዚህ አንቀጽ ውስጥ አንድ ቃል ስሕተት ነው። አንባቢ እስከዚያው ይፈልገው፤ እኔ ለማግኘት ወራት ፈጅቶብኛል።

መረጃው ወደ ስፔክትረም ሲለወጥ በ2 ሄርትዝ ላይ ጉልህ ጫፍ ታየ፤ የፍጥነት ለውጡ ከፍታም በሰከንድ ካሬ 0.5 ሜትር ያህል ነበር። በ4 እና በ6 ሄርትዝ ላይም አነስ ያሉ ጫፎች ነበሩ። ይህ ዐይነቱ እኩል ርቀት ያለው ተከታታይ በንዝረት ጥናት የታወቀ ነገር ነው፤ አንድ እንቅስቃሴ ከእጥፎቹ ጋር ሲገኝ እውነተኛ መካኒካዊ ምንጭ እንዳለው ይወሰዳል። ስለዚህ እነዚያ ትንንሽ ጫፎች ጥርጣሬ ሊፈጥሩብኝ ሲገባ ይበልጥ አሳመኑኝ።

ይሁንና ከግኝቴ ጋር የማይስማሙ ነገሮች ነበሩ። የፓምፑ መውጫ ቫልቭ ሲከፈትና ጭነቱ ሲጨምር ጫፉ ከ1.5 ወደ 2 ሄርትዝ ከፍ ይላል። በአንጻሩ የሞተሩ ፍጥነት በዚያው ጊዜ ይቀንሳል። ሞተሩ ሲዘገይ መሠረቱ ለምን ይፈጥናል? በወቅቱ የሚያልፈው የውኃ መጠን ስለሚጨምር ነው ብዬ ጻፍሁ፤ ዓረፍተ ነገሩ ሲነበብ ያምር ነበር፤ ማስረጃ ግን አልነበረውም።

ሌላው ከዚህ የከፋ ነው። የአግድሙንና የቁሙን ንባብ በአንድ ሰሌዳ ላይ አንዱን ከሌላው ጋር ስነድፋቸው ነጥቡ ክብ መሰል መንገድ ይሠራል፤ ይህም የምሕዋር ሥዕል ይባላል። የሻፍቱ የክብደት አለመመጣጠን የሚፈጥረው ምሕዋር አብዛኛውን ጊዜ ሻፍቱ በሚዞርበት አቅጣጫ ይዞራል። የእኔ ግን በተቃራኒው ይዞር ነበር። የሴንሰሩን አንዱን አቅጣጫ ገልብጬ አስሬው ይሆናል ብዬ አሰብሁ። ወደ ጣቢያው ሄጄ ከማጣራት ይልቅ በፕሮግራሜ ውስጥ አንድ መስመር ጨመርሁ፦

```
y = -y
```

ሥዕሉ ተስተካከለ። ከዚያ በኋላ ስለ አቅጣጫው አላሰብሁም።

ሦስተኛው ተቃውሞ የመጣው ከጣቢያው ቴክኒሻን ነው። ዕድሜያቸው ገፋ ያለና በዚያ ፓምፕ አጠገብ ብዙ ዓመታት ያሳለፉ ሰው ናቸው። የውዝዋዜውን ነገር በነገርኋቸው ጊዜ በመሠረቱ ጠርዝ ላይ ያስቀመጡትን የሻይ ብርጭቆ አሳዩኝና «ልጄ፣ ይህ መሠረት ቢወዛወዝ ኖሮ ሻዬ ባልተቀመጠልኝ» አሉኝ። በአክብሮት ፈገግ አልሁ። ሴንሰሩ ከብርጭቆ ይበልጥ እንደሚያስተውል ለማስረዳትም ሞከርሁ። አሁን ሳስበው ንግግራቸው በስሌት ሊረጋገጥ የሚችል ነበር፤ ወደዚያ እመለሳለሁ።

እሑድ ዕለት አባቴ ቤት ነበርን። አባቴ የድሮ የካውቦይ ፊልም ይወዳል፤ በዚያ ቀንም በአራት ፈረሶች የሚጎተት ሰረገላ በሜዳ ላይ ሲሮጥ እያየ ነበር። የስምንት ዓመቷ የእኅቴ ልጅ ቴሌቪዥኑ ሥር ተቀምጣ ሳለች ወደ እኔ ዞረች።

«ጋሼ፣ ሰረገላው ወደ ፊት እየሄደ ጎማው ለምን ወደ ኋላ ይዞራል?»

«ካሜራው በሰከንድ 24 ፎቶ ብቻ ስለሚያነሣ ነው» አልኋት። ይህ መልስ በየመማሪያ መጽሐፉ አለ፤ ከዚያ በፊትም ለሌሎች ተናግሬዋለሁ። አባቴም «የፊልም ነገር ነው፣ ዝም ብለሽ እዪ» አላት። እሷ ግን ዝም አላለችም። ኮረብታ ሲመጣ ፈረሶቹ ፍጥነታቸውን ቀነሱ።

«ጋሼ እየው፣ ፈረሶቹ ቀስ ሲሉ ጎማው ወደ ኋላ ይበልጥ ፈጠነ!»

ወዲያው የጣቢያው ሞተር ትዝ አለኝ። የሚነዳው ነገር ሲዘገይ የሚታየው እንቅስቃሴ ይፈጥናል፤ አቅጣጫውም የተገለበጠ ነው። ሁለት ያልተገናኙ ችግሮች አድርጌ የያዝኋቸው ነገሮች በአንድ ጎማ ላይ አብረው ይታዩ ነበር። አባቴን ፊልሙን እንዲያቆምልኝ ለመንሁት፤ በቆመው ምስል ላይም ከመንኮራኩሩ እምብርት ወደ ጠርዙ የተዘረጉትን እንጨቶች ቆጠርሁ። ዐሥራ ሁለት ናቸው።

ስሌቱ ቀላል ስለ ሆነ እዚሁ ሙሉ በሙሉ ልሥራው። ዐሥራ ሁለት እንጨቶች ካሉ በሁለት ጎረቤታሞች መካከል ያለው ማዕዘን 30 ዲግሪ ነው። እንጨቶቹ ተመሳሳይ ስለ ሆኑ መንኮራኩሩ 30 ዲግሪ ከዞረ በኋላ የሚሰጠው ምስል ካልዞረበት ምስል አይለይም። የመንኮራኩሩን ዲያሜትር 1.2 ሜትር እንበል፤ ዙሪያው 3.77 ሜትር ይሆናል፤ ለአንድ ክፍተት የሚደርሰው የጠርዝ ርዝመት ደግሞ ወደ 31.4 ሳንቲሜትር ነው። ሰረገላው በአንድ ምስልና በቀጣዩ መካከል በትክክል ይህን ያህል ቢሄድ እያንዳንዱ እንጨት በቀዳሚው ቦታ ላይ ይገኛል፤ መንኮራኩሩም የቆመ ይመስላል። በሰከንድ 24 ምስል ሲነሣ ይህ የሚሆነው በሰከንድ 7.54 ሜትር፣ ማለትም በሰዓት 27 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።

አሁን ሰረገላው በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ይሂድ። በሁለት ተከታታይ ምስሎች መካከል መንኮራኩሩ 27.6 ዲግሪ ይዞራል። ተመልካቹ ግን ይህን ሊያውቅ የሚችልበት መንገድ የለም። በምስሎቹ ላይ ያለው ሐቅ እያንዳንዱ እንጨት ከአንድ የቀድሞ ቦታ በ2.4 ዲግሪ ወደ ኋላ መገኘቱ ብቻ ነው። 27.6 ዲግሪ ወደ ፊት፣ 2.4 ዲግሪ ወደ ኋላ፣ ወይም 57.6 ዲግሪ ወደ ፊት መሄድ፣ ሦስቱም ከምስሎቹ ጋር በእኩል ይስማማሉ። ዐይን ከእነዚህ መካከል አጭሩን ይመርጣል። ስለዚህ መንኮራኩሩ በስድስት ሰከንድ ገደማ አንድ ጊዜ ወደ ኋላ የሚዞር ሆኖ ይታያል። ፈረሶቹ በሰዓት ወደ 22 ኪሎ ሜትር ቢወርዱ ጉድለቱ ከ5 ዲግሪ በላይ ይሆናል፤ የኋልዮሹ ዙርም ከሁለት እጥፍ በላይ ይፈጥናል። ልጅቷ ያየችው ይህን ነው። ሰረገላው እየዘገየ በሰዓት 13.6 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲደርስ እንጨቶቹ በየምስሉ በትክክል የክፍተቱን ግማሽ ይጓዛሉ፤ ያን ጊዜ ወደ ፊትም ሆነ ወደ ኋላ እኩል ሩቅ ስለ ሆነ አቅጣጫ የሚባል ነገር አይኖርም። ከዚያ በታች እንቅስቃሴው በትክክለኛው አቅጣጫ ይታያል።

እዚህ ላይ ለብዙዎቻችን የሚያመልጥ ነገር አለ። ለልጅቷ የሰጠሁት መልስ ምስሎቹ ጥቂት መሆናቸውን ይናገራል እንጂ ምን እንደ ጠፋ አይናገርም። የጠፋው ምርጫው ነው። ናሙናው ከተወሰደ በኋላ ከብዙዎቹ እንቅስቃሴዎች የትኛው እንደ ነበረ የሚለይ ምንም ምልክት በመረጃው ውስጥ አይቀርም። ፊልሙን ዛሬ ባለን ምርጥ ቴሌቪዥን ብናየው መንኮራኩሩ ያው ወደ ኋላ ይዞራል፤ ነገሩ የተወሰነው በቀረጻው ሰዓት ነው።

በሞተሩ ላይም እንዲሁ ነው። የእኔ መሣሪያ በሰከንድ 50 ጊዜ «ፎቶ ያነሣል»፤ ሻፍቱ በሰከንድ 48 ጊዜ ይዞራል። በሁለት ናሙናዎች መካከል ሻፍቱ 345.6 ዲግሪ ይሄዳል፤ ይህም ሙሉ ዙር ሊሞላ 14.4 ዲግሪ ሲቀረው ማለት ነው። መረጃው የሚያየው በየናሙናው 14.4 ዲግሪ ወደ ኋላ የሚሄድ ነጥብ ነው፤ ይህ ነጥብ በ25 ናሙና፣ ማለትም በግማሽ ሰከንድ አንድ ዙር ይጨርሳል። እነሆ 2 ሄርትዝ። ሞተሩ ጭነት ቀልሎት በሰከንድ 48.5 ዙር ሲዞር ጉድለቱ 1.5 ይሆናል። ጭነቱ ሲበዛ ሞተሩ ይዘገያል፤ የውሸቱ ድግግሞሽም ይጨምራል። ምሕዋሩ ወደ ኋላ የዞረው ሴንሰሩ ተገልብጦ ስለ ታሰረ አልነበረም። በመረጃው ውስጥ እውነቱን የሚጠቁም አንድ ምልክት ቀርቶ ነበር፤ እሱንም እኔ በ`y = -y` ደምስሼዋለሁ።

ስሌቱ በሦስት መስመር ይጻፋል፦

```
f, fs = 48.0, 50.0
fa = f - fs * round(f / fs)
print(fa)   # -2.0
```

ከ2.0 ፊት ያለው የመቀነስ ምልክት ለጌጥ የተቀመጠ አይደለም፤ አቅጣጫው መገልበጡን ይናገራል። አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚለካ ሴንሰር ቢሆን ኖሮ ምልክቱ አይታይም ነበር፤ በስፔክትረሙ ላይ 2 ብቻ ይነበብ ነበር። የሻፍቱ ፍጥነት እጥፍ የሆነው 96 ሄርትዝ በዚሁ ስሌት −4፣ ሦስት እጥፉ 144 ደግሞ −6 ይሰጣል። ያ ያሳመነኝ የ2፣ 4፣ 6 ተከታታይ የእውነተኛዎቹ የ48፣ 96፣ 144 ጥላ ነበር። እንዲህ ሲሆን ማየት ያስደንቃል፤ ውሸቱ የእውነቱን ቅርጽ ሳያዛባ ይዞ ወደ ታች ወርዷል።

ስያሜው ራሱ ከዚህ ጋር ይገናኛል። ቃሉን ለዚህ ጉዳይ የተጠቀመበት አሜሪካዊው የስታቲስቲክስ ሊቅ ጆን ቱኪ ነው፤ አንድ ድግግሞሽ በሌላ ስም ራሱን እንደሚያስጠራ ሰው ስለሚሆን። ቲዎረሙ ደግሞ ሃሪ ናይኲስት በ1928 እ.ኤ.አ. ስለ ቴሌግራፍ ካሳተመው ጥናት ጀምሮ፣ በ1933 በሩሲያዊው ኮተልኒኮቭ፣ በ1949 ደግሞ በክሎድ ሻነን ጽሑፎች ቅርጽ የያዘ ነው።

አሁን በጽሑፌ ውስጥ ወደ ነበረው ስሕተት ልመለስ። «ከሚፈለገው ከፍተኛ ድግግሞሽ» ብዬ ነበር። ቲዎረሙ ስለ ተመራማሪው ፍላጎት የሚያውቀው ነገር የለም። የሚጠይቀው የናሙናው ፍጥነት ወደ መሣሪያው ከሚገባው ምልክት ከፍተኛ ድግግሞሽ ሁለት እጥፍ በላይ እንዲሆን ነው፤ ተመራማሪው ቢፈልገውም ባይፈልገውም። እኔ ከ10 ሄርትዝ በላይ ያለውን ስላልፈለግሁት የሌለ አስመሰልሁት። ነገር ግን በሞተሩ ላይ ከሁሉ የበረታው እንቅስቃሴ ያ ያልፈለግሁት ነበር። የማንፈልገው ድግግሞሽ ካለ ናሙናው ከመወሰዱ በፊት በማጣሪያ መወገድ አለበት። ከተወሰደ በኋላ 48 የነበረው 2 ሆኗል፤ ምናልባት ካለው እውነተኛ 2 ሄርትዝ ጋርም ተደምሯል፤ የሁለቱን ድምር ደግሞ ማንም ማጣሪያ አይለያየውም። ብዙ ናሙናዎችን ማማከልም አይረዳም፤ እኔ ለሦስት ሳምንት ያማከልሁት ውሸቱን ይበልጥ ጥርት አድርጎ ለማሳየት ብቻ ጠቀመ።

የማጣሪያን ትርጉም ፊልሙ ጥሩ አድርጎ ያሳያል። የፊልም ካሜራ መዝጊያ ብዙ ጊዜ ክፍት የሚሆነው በየምስሉ ከተመደበው ጊዜ ለግማሹ፣ ማለትም ለአርባ ስምንተኛ ሰከንድ ነው። በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር በሚሄደው ሰረገላ ላይ እያንዳንዱ እንጨት በዚያ ጊዜ ውስጥ 14 ዲግሪ ያህል ይጓዛልና ይደበዝዛል፤ ግን ከ30ው ዲግሪ ግማሹ ስለሚቀር እንጨቱ አሁንም ይለያል፤ ማታለሉም ይቀጥላል። መዝጊያው ሙሉውን ጊዜ ክፍት ሆኖ ቢቆይ የአንዱ እንጨት ድብዛዜ ከቀጣዩ ጋር ሊገናኝ ምንም ያህል አይቀረውም፤ መንኮራኩሩም ግራጫ ሳህን ይመስላል። ግራጫ ሳህን ወደ ኋላ አይዞርም። ማጣሪያ የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ ልንለካው የማንችለውን እንቅስቃሴ ሌላ መልክ ይዞ እንዳይመጣ ያደበዝዘዋል።

ሴንሰሬ በውስጡ ማጣሪያ ነበረው፤ በዚህም ተዘናግቼ ነበር። ይህ ማጣሪያ የተሠራው ግን ለሴንሰሩ የራሱ ፍጥነት፣ ማለትም በሰከንድ ለ1000 ንባብ ነው። እኔ ከ20 ንባቦች አንዱን ብቻ እያነሣሁ የቀሩትን ስጥል ያ ማጣሪያ 48 ሄርትዝን ሳይነካ ያሳልፈዋል። በኮምፒውተር ላይ መረጃ ለማሳነስ ከየዐሥሩ አንዱን እየመረጡ የሚያስቀሩ ተማሪዎችም በዚሁ መንገድ ይሳሳታሉ።

በማግሥቱ ወደ ጣቢያው ሄድሁ። ጥርጣሬዬን ለማረጋገጥ ሌላ መሣሪያ አላስፈለገኝም፤ የናሙናውን ፍጥነት ከ50 ወደ 45 ቀየርሁ። እውነተኛ የ2 ሄርትዝ ውዝዋዜ ቢኖር መለኪያው በምን ያህል ፍጥነት እንደሚያየው ስለማያውቅ በ2 ላይ ይቆይ ነበር። ጫፉ ግን ወደ 3 ሄርትዝ ሄደ፤ 48 ከ45 ሲቀነስ 3 ነውና። ያቺን መስመር ከፕሮግራሙ አውጥቼ ምሕዋሩን ስነድፈው ደግሞ በሻፍቱ አቅጣጫ ይዞር ነበር፤ ሻፍቱ አሁን በየናሙናው ከሙሉ ዙር አልፎ ስለሚሄድ። በ50 ሲለካ 2፣ በ45 ሲለካ 3 ሊመስል የሚችል ድግግሞሽ ከ100 ሄርትዝ በታች 48 ብቻ ነው።

አንድ ጥንቃቄ ግን ልጨምር። የምሕዋሩ መገልበጥ ብቻውን ለኤሊያሲንግ ማስረጃ አይሆንም። የኩሽኔታው ቤት በአግድምና በቁም የተለያየ ግትርነት ካለው በተወሰኑ ፍጥነቶች ላይ ምሕዋሩ በእውነት ወደ ኋላ ሊዞር ይችላል። መገልበጡ ጥያቄ ያስነሣል፤ መልሱን የሚሰጠው የናሙናውን ፍጥነት መለወጥ ነው። የናሙናው ፍጥነት ሲለወጥ ቦታውን የሚለቅ ጫፍ የማሽኑ ንብረት አይደለም።

የሻይ ብርጭቆው ስሌትም እነሆ። የፍጥነት ለውጡ ከፍታ በሰከንድ ካሬ 0.5 ሜትር ከሆነና እንቅስቃሴው በእርግጥ 2 ሄርትዝ ቢሆን፣ 0.5ን ለ2πf ካሬ ስናካፍል መሠረቱ ከቦታው በየአቅጣጫው 3.2 ሚሊ ሜትር፣ በድምሩ ከ6 ሚሊ ሜትር በላይ መንቀሳቀስ ነበረበት። ይህን ለማየት ሴንሰር አያስፈልግም፤ የብርጭቆው ሻይ በሰከንድ ሁለት ጊዜ ይናወጥ ነበር። ያው የፍጥነት ለውጥ በ48 ሄርትዝ ሲሆን ግን የሚሰጠው ርቀት ከአንድ ሚሊ ሜትር አንድ መቶኛ እንኳ ያነሰ፣ ወደ 5.5 ማይክሮሜትር ነው። በሁለቱ መካከል 576 እጥፍ ልዩነት አለ። ቴክኒሻኑ የተናገሩት በቀመር ያልተጻፈ እንጂ ትክክለኛ ልኬት ነበር። ይቅርታ ጠየቅኋቸው፤ «ታዲያ አሁን ሻይ ትጠጣለህ?» ከማለት ሌላ አልተናገሩም።

ከመረጃዬ የተረፈ ነገር መኖሩን በኋላ አስተዋልሁ። የሻፍቱ ፍጥነት ከ45 እስከ 50 ዙር ባለው ጠባብ ክልል ውስጥ መሆኑ ከታወቀ የጠፋው ምርጫ ከውጭ በሚመጣ ዕውቀት ይመለሳል፤ 2 የሚለው ንባብ 48 ከመሆን ሌላ አማራጭ የለውም። ከዚህም በላይ የመስኩ ፍጥነት 50፣ የናሙናዬም ፍጥነት 50 ስለ ሆነ የውሸቱ ድግግሞሽ በቀጥታ የሞተሩ ስሊፕ ነው፤ 2 ሄርትዝ ማለት 4 በመቶ ነው። ሳላውቀው ለሦስት ሳምንት የሞተሩን ጭነት በየደቂቃው ስመዘግብ ኖሬአለሁ። ልኬቱ ፍጹም አይደለም፤ የኤሌክትሪክ መረቡ ድግግሞሽ ራሱ ከ50 ጥቂት ከፍና ዝቅ ይላል፤ የማይክሮኮንትሮለሬ ሰዓትም እንዲሁ። የመረቡ ድግግሞሽ በ0.2 ሄርትዝ ቢያዛባ ከ2 ሄርትዝ ላይ አንድ ዐሥረኛውን ያበላሻል። ቢሆንም ቫልቩ የተከፈተባቸውና የተዘጋባቸው ሰዓቶች በግልጽ ይታያሉ።

በአራተኛው ምዕራፍ የነበረው የመሠረት ውዝዋዜ ወጥቶ በምትኩ ይህ ገብቷል። አዲሱ ልኬት የተወሰደው በሰከንድ በ1000 ናሙና ከአናሎግ ማጣሪያ ጋር ነው፤ ከ10 ሄርትዝ በታች ከሴንሰሩ የራሱ ጫጫታ የሚለይ ነገር አልተገኘበትም። የእኅቴን ልጅ በሚቀጥለው እሑድ ሳገኛት የሰረገላው የፊትና የኋላ ጎማ በዲያሜትር እንደሚለያይ አሳየኋትና አንዱ የቆመ ሲመስል ሌላው ምን እንደሚሠራ ጠየቅኋት። ፊልሙን አስቁማ እንጨቶቹን መቁጠር ጀመረች።